የቡና ማሽኑ ደጅዎ ሲደርስ ስንት ያወጣል? ከጓንዡ እስከ አዲስ አበባ በአራት መንገድ የተሰላ ንጽጽር

አንድ የካፌ ባለቤት ባለ ሁለት ግሩፕ የኤስፕሬሶ ማሽን ይፈልጋል። ሞዴሉን ለይቷል፤ ቻይና ጓንዡ ያለው ሻጭ 2,400 ዶላር ብሎታል፤ አዲስ አበባ ያለ አስመጪ ደግሞ ያንኑ ሞዴል በ760,000 ብር ይሸጣል። ባለቤቱ ዶላሩን በ150 ብር አባዝቶ 360,000 ብር ያገኛል፤ ከዚያም አስመጪው እጥፍ እያተረፈበት እንደሆነ ያምናል። ይህ ማባዛት ብዙ ሰው ገንዘብ ያባከነበት ስሌት ነው። በ360,000 ብርና ማሽኑ ካፌው ውስጥ ተተክሎ በሚያወጣው ዋጋ መካከል ያለው ርቀት ከማሽኑ ዋጋ ራሱ ሊበልጥ ይችላል። ርቀቱ ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው የተመረጠው የማጓጓዣ መንገድ ነው።

ከዚህ በታች አራት አማራጮችን አነጻጽራለሁ፤ እነሱም በኩሪየር፣ በአየር ካርጎ፣ በባሕር በጅቡቲ በኩል ማስመጣት እና ከአገር ውስጥ መግዛት ናቸው። የታክሶቹ ዓይነትና የሚሰሉበት ቅደም ተከተል በሕግ የተቀመጡ ናቸው። የማጓጓዣ ዋጋዎቹ፣ የምንዛሪው ተመን፣ የባንክ ክፍያውና የቀረጥ ታሪፉ ግን ለስሌት የያዝኳቸው ስለሆኑ አንባቢ በራሱ ቀን ዋጋ ሊተካቸው ይገባል።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ ዋጋዎቹ አንድ ቦታ ላይ እንዲያበቁ ማድረግ ነው። ሻጭ ዋጋ ሲሰጥ እስከ የት ድረስ እንደሆነ ይጠየቅ። «ኢኤክስደብሊው» ካለ ዋጋው ፋብሪካው በር ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ የቻይናን የወጪ ንግድ ሰነድ ማስጨረስ ጭምር፣ የገዢው ነው። «ኤፍኦቢ» ካለ ዕቃው ቻይና ወደብ ላይ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ያለው ወጪ የሻጩ ነው። «ሲአይኤፍ ጅቡቲ» ካለ የባሕር ጭነቱና ኢንሹራንሱ ተካተዋል ማለት ነው። ይሁንና ዕቃው ጅቡቲ ከተራገፈ በኋላ ያለውን ወጪም ሆነ የኢትዮጵያን ቀረጥ አይነካም። ሦስቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ትንሹን መምረጥ ያልተጨረሰ መንገድን ከተጨረሰ መንገድ ጋር እንደ ማወዳደር ነው። ስለዚህ ሁሉም ወደ አንድ ቁጥር ይምጡ፤ ቁጥሩም በካፌው በር ላይ የሚያወጡት ብር ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የሚከፈልበት ክብደት ነው። አጓጓዥ የሚያስከፍለው በሚዛን ላይ በታየው ኪሎ ብቻ ሳይሆን ሣጥኑ በሚይዘው ቦታ ጭምር ነው፤ ከሁለቱ በሚበልጠው ያስከፍላል። የምሳሌያችን ማሽን ከእንጨት ሣጥኑ ጋር 75 ኪሎ ይመዝናል፤ ሣጥኑ 95 በ70 በ70 ሳንቲሜትር ነው። ሦስቱን ብናባዛ 465,500 ይሆናል። ኩሪየሮች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ለ5,000 ያካፍሉታል፤ ውጤቱ 93.1 ኪሎ ሲሆን ወደ 93.5 ተጠጋግቶ ይከፈልበታል። አየር ካርጎ ለ6,000 ያካፍላል፤ 77.6 መጥቶ 78 ኪሎ ይሆናል። በባሕር በጋራ ኮንቴነር ሲጫን መለኪያው ሜትር ኩብ ነው፤ የእኛ ሣጥን 0.47 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ቢሆንም ትንሹ ክፍያ ብዙውን ጊዜ የ1 ሜትር ኩብ ስለሆነ ገዢው ከግማሽ በላይ ለባዶ ቦታ ይከፍላል።

ሦስተኛው ከሚከፈለው ውስጥ የትኛው ተመልሶ እንደሚመጣ መለየት ሲሆን፣ አራተኛው ዕቃው መንገድ ላይ የሚቆይባቸው ቀናትና በእነዚያ ቀናት ምንዛሪው ሊያመጣ የሚችለው ለውጥ ነው። ሁለቱንም ወደ ኋላ በሰፊው እመለስባቸዋለሁ።

ቀረጥና ታክሱ እንዴት ይደራረባል

የጉምሩክ ስሌት የሚጀምረው ከፋብሪካው ዋጋ ሳይሆን የዕቃው ዋጋ፣ ጭነቱና ኢንሹራንሱ ተደምረው ከሚሰጡት ቁጥር ነው። አየር ካርጎውን እንውሰድ። ማሽኑ 2,400 ዶላር ነው። ጭነቱ 78 ኪሎ በ5.50 ዶላር ሲባዛ 429 ሆኖ ከቻይና በኩል ካለው የሰነድና የአያያዝ ክፍያ ጋር 500 ዶላር ነው እንበል፤ ኢንሹራንሱ 25። ድምሩ 2,925 ዶላር፣ በ150 ብር ሲሰላ 438,750 ብር ይሆናል።

የጉምሩክ ቀረጡን 20 በመቶ ብለን ከያዝን 87,750 ብር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ሲሆን የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረበት 526,500 ብር ላይ ነው፤ 78,975 ብር ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የመጣው 10 በመቶ ሱር ታክስ ደግሞ ቫቱም ጭምር በተደመረበት 605,475 ብር ላይ ይሰላል፤ ይኸውም 60,547 ብር ነው። በ2014 ዓ.ም. የተጨመረው፣ ነጋዴው «ሶሻል ዌልፌር» የሚለው 3 በመቶ ከመነሻው 438,750 ላይ ይወሰድና 13,162 ብር ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት በቅድሚያ የሚያዘው 3 በመቶ ግብርም ያንኑ ያህል ነው። ኤክሳይስ ታክስ ያለበት ዕቃ ቢሆን ኖሮ ከቀረጡ ቀጥሎ ገብቶ የቫቱንና የሱር ታክሱን መነሻ ከፍ ያደርግ ነበር፤ በምሳሌያችን የለም ብለናል። አምስቱ ሲደመሩ ወደ 253,600 ብር ይመጣሉ፤ ከመነሻው 57.8 በመቶ ማለት ነው።

ከዚህ ድርብርብ የሚወጣ አንድ ነገር በደንብ መያዝ አለበት። ጭነቱም ቀረጥ ይከፈልበታል። ለማጓጓዣ የወጣች እያንዳንዷ 1 ዶላር ጉምሩክን ስታልፍ 1.58 ዶላር ትሆናለች። ስለዚህ ሣጥኑን ማሳነስ የአጓጓዡን ክፍያ ብቻ ሳይሆን ታክሱንም ይቀንሳል። ሻጩ የሣጥኑን ቁመት ከ70 ወደ 60 ሳንቲሜትር ቢያወርደው የኩሪየሩ የቦታ ክብደት ከ93.5 ወደ 80 ኪሎ ይወርዳል፤ በኪሎ 11 ዶላር ቢሰላ ከታክሱ ጋር ወደ 35,000 ብር ይተርፋል። በአየር ካርጎ ግን ያው ለውጥ የሚያድነው 3 ኪሎ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የቦታ ክብደቱ 66.5 ሲደርስ የሚዛኑ 75 ኪሎ ይበልጥና በእሱ ይከፈላል።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ኩሪየር።* ምቾቱ የአንድ ኩባንያ እጅ ከበር እስከ በር መሆኑ ነው። 93.5 ኪሎ በ11 ዶላር ወደ 1,030 ዶላር ይመጣል፤ ከማሽኑ ዋጋ 43 በመቶ ገደማ ነው። ለመለዋወጫ ዕቃ፣ ማለትም ለጎማ፣ ለፓምፕ ወይም ለኤሌክትሮኒክ ካርድ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ 2 ኪሎ ዕቃ ለማስመጣት የአየር ካርጎ ሰነድና ጉምሩክ የሚያስጨርሰው ትራንዚተር ክፍያ አያዋጣም። ለ75 ኪሎ ማሽን ግን ፍጥነቱ የሚያስገኘው ጥቂት ቀናት የሚጨምረውን ዋጋ አይክስም።

*አየር ካርጎ።* ዕቃው ቦሌ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የገዢውና የትራንዚተሩ ነው። ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮን ያስመዘግባል፣ ቀረጡ ይከፈላል፣ ፍተሻ ካለ ይፈተሻል፣ ዕቃው ይወጣል። የትራንዚተር ክፍያ፣ የተርሚናል አገልግሎት፣ የጥቂት ቀናት መጋዘንና መኪና በአንድ ላይ 35,000 ብር ይዣለሁ። ይህ ቁጥር የሚበላሸው በሰነድ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ለራሴ ያስመጣሁት ማሽን የሣጥኑን ይዘት በሚዘረዝረው ፓኪንግ ሊስት ላይ ጠቅላላ ክብደቱ 75፣ የአየር ጭነት ሰነዱ በሆነው ኤርዌይቢል ላይ 78 ተብሎ መጣ። ሻጩ ሣጥኑን ካጠናከረ በኋላ አሮጌውን ወረቀት ሳያስተካክል ልኮት ነበር። የተስተካከለው ሰነድ እስኪመጣ ድረስ 11 ቀን አለፈ፤ የመጋዘኑ ሒሳብም በየቀኑ ይቆጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱንና የኤርዌይቢሉን ረቂቅ ጎን ለጎን ዘርግቼ የላኪውን ስም፣ የሣጥን ብዛቱን፣ ሁለቱን ክብደቶችና ዋጋውን በጣቴ እየተከተልኩ ሳላመሳክር ዕቃ አላስጭንም።

*ባሕር።* ጭነቱ ርካሽ ነው፤ ቻይና በኩል ካለው ክፍያ ጋር 220 ዶላር ይዣለሁ። ርካሽነቱ ግን ከባሕሩ ማዶ ይቀራል። ጋራ ኮንቴነሩን የመክፈትና የመለየት ክፍያ፣ የጅቡቲ ወደብ አገልግሎት፣ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለው ጉዞ፣ የሞጆ ማራገፊያና መጋዘን፣ የትራንዚተር ሥራና እስከ አዲስ አበባ ያለው መኪና አለ። አብዛኞቹ ለአንድ ሣጥንም ለአምስት ሣጥንም ያን ያህል የማይለያዩ ቋሚ ክፍያዎች ናቸው፤ ለአንድ ማሽን 95,000 ብር ይዣለሁ። ከትዕዛዝ እስከ ደጅ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ማሰብ ይገባል።

*አገር ውስጥ።* 760,000 ብር ቫትን ይጨምራል። ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ተፈትሾ፣ ፍሬው ተፈጭቶ፣ እንፋሎቱ ተሞክሮ ይገዛል። ዋስትናው ከሻጩ ጋር ፊት ለፊት የሚጠየቅበት ሲሆን ምንዛሪውም አንድ ቀን ላይ የቆመ ነው።

በሰንጠረዡ የባንክ ክፍያ ብዬ ያስቀመጥኩት ወደ ውጭ ከሚላከው ገንዘብ 4 በመቶ ነው፤ የየባንኩን ጠይቆ መተካት ያስፈልጋል።

| | ኩሪየር | አየር ካርጎ | ባሕር | አገር ውስጥ |
|---|---|---|---|---|
| የሚከፈልበት መጠን | 93.5 ኪሎ | 78 ኪሎ | 1 ሜትር ኩብ | – |
| ዕቃ፣ ጭነትና ኢንሹራንስ (ብር) | 518,250 | 438,750 | 396,750 | – |
| ቀረጥና ታክስ | 299,550 | 253,600 | 229,320 | – |
| የአገር ውስጥ ወጪ | 15,000 | 35,000 | 95,000 | – |
| የባንክ ክፍያ | 20,580 | 17,400 | 15,720 | – |
| በደጅ ጠቅላላ ዋጋ | 853,380 | 744,750 | 736,790 | 760,000 |
| ቫትና ቅድመ ግብር ሲቀነስ | 744,550 | 652,610 | 653,470 | 660,870 |
| የሚወስደው ጊዜ | ከ1 እስከ 2 ሳምንት | ከ2 እስከ 3 ሳምንት | ከ2 እስከ 3 ወር | በዚያው ቀን |

የመጨረሻውን የዋጋ ረድፍ ማን ያንብበው

ለቫት የተመዘገበ ካፌ ጉምሩክ ላይ የከፈለውን ቫት ከደንበኞቹ ከሰበሰበው ላይ ያቀናንሳል፤ በቅድሚያ የተያዘው 3 በመቶም በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፍለው የትርፍ ግብር ላይ ይታሰብለታል። ስለዚህ ለእሱ እነዚህ ሁለቱ ለጊዜው ከእጁ የሚወጣ ገንዘብ እንጂ ወጪ አይደሉም። ላልተመዘገበ ገዢ ግን ቫቱ እንደ ቀረጡ ሁሉ የማይመለስ ወጪ ነው።

ልዩነቱ ደረጃውን ይገለብጠዋል። ባልተቀነሰው ረድፍ ባሕር ከአየር ካርጎ በ8,000 ብር ገደማ ይረክሳል፤ ተመላሹ ሲቀነስ ግን አየር ካርጎው በጥቂት መቶ ብር ያንሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአየር ካርጎ የሚመለሰው ታክስ ከባሕሩ በ8,800 ብር ገደማ ይበልጣል፤ በባሕር ደግሞ ለወደብና ለመጋዘን የሚሄደው የማይመለስ ወጪ ይበዛል። ሆኖም ተመላሽ ነው ማለት መጀመሪያ አይከፈልም ማለት አይደለም። በአየር ካርጎ ለሚያስመጣ ሰው ዕቃው ቦሌ በደረሰ ቀን ወደ 253,600 ብር በእጁ መኖር አለበት፤ ይህን ሳያዘጋጅ የጠበቀ ሰው የመጋዘን ኪራይ እየቆጠረበት ብድር ይፈልጋል።

ምንዛሪው ሦስት ጊዜ ይገባል

ብዙዎች ምንዛሪን አንድ ቁጥር አድርገው ያስቡታል። በእርግጥ ግን ሦስት ቦታ ይገባል። አንደኛው ባንኩ ዶላሩን የሚሸጥበት ተመን ነው፤ በሰሌዳው ላይ «መግዣ» እና «መሸጫ» ተብለው ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ለአስመጪ የሚሠራው ከፍ ያለው፣ መሸጫው ነው። ሁለተኛው በዚያ ላይ የሚታከለው የባንክ ኮሚሽን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጉምሩክ ኢንቮይሱን ወደ ብር የሚለውጥበት ተመን ሲሆን ይህ ገንዘቡ ከተላከበት ቀን ተመን ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ያህል ዝላይ ባይደገምም እንኳ ትንሽ ለውጥ ንጽጽራችንን ያፈርሰዋል። በባሕር የሚመጣው ማሽን ክፍያው በ150 ብር ተፈጽሞ ዲክላራሲዮኑ ከሦስት ወር በኋላ በ165 ብር ቢሰላ ታክሱ ብቻ በ22,900 ብር ያህል ይጨምራል። ባሕር በአየር ካርጎ ላይ የነበረውን የ8,000 ብር ብልጫ ለማጥፋት 3.5 በመቶ ለውጥ ይበቃል። ሰነድ ሲደርስ በሚከፈልበት ወይም ባንክ ለሻጩ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት በኤልሲ በሚፈጸም ግዢ ደግሞ የዕቃው ዋጋ ራሱ በኋለኛው ተመን ሊሰላ ስለሚችል ጫናው ይበረታል። ስለዚህ የባሕሩን አምድ በዛሬው ተመንም በ10 በመቶ ከፍ ባለ ተመንም ሁለት ጊዜ አስልቶ ማየት ይገባል።

የታሪፍ ቁጥሩ

ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚያናውጠው በ20 በመቶ የያዝነው ቀረጥ ነው። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ቡና ማፍያ በ8516.71 ሥር ሲመደብ፣ ለንግድ የሚሠራ የትኩስ መጠጥ ማዘጋጃ መሣሪያ ደግሞ በ8419.81 ሥር ይመደባል። ኢንቮይሱ ላይ «ቡና ማሽን» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ መርማሪው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ሞዴሉ፣ ባለ ሁለት ግሩፕ መሆኑ፣ የቦይለሩ መጠን በሊትር፣ ኃይሉ በኪሎዋትና ለንግድ አገልግሎት መሆኑ በኢንቮይሱ ላይ ይጻፍ፤ የአምራቹ ካታሎግም ይያያዝ። ታሪፉ ከ20 ወደ 30 በመቶ ቢወጣ ጭማሪው 10 በመቶ ብቻ አይሆንም። ቫቱና ሱር ታክሱ ስለሚከተሉት 12.65 በመቶ ይሆናል፤ በአየር ካርጎው ላይ ወደ 55,500 ብር ማለት ነው። በሌላ በኩል የሱር ታክስ ደንቡ የካፒታል ዕቃዎችን ነፃ ያደርጋል። ማሽኑ በዚያ ይታይ እንደሆነ ትራንዚተሩ ከጉምሩክ ጠይቆ መልስ ማምጣት ያለበት ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ነው።

ሻጮች «ኢንቮይሱን ዝቅ አድርጌ ልጻፍልህ» ማለታቸው የተለመደ ነው። ይህን መቀበል ሕግን መጣስ ከመሆኑም በላይ በስሌትም አያዋጣም። ጉምሩክ የቀረበውን ዋጋ ካላመነ ተመሳሳይ ዕቃዎች የገቡበትን ዋጋ ይዞ ያሰላል፤ ቅጣትም ይከተላል። ዕቃው መንገድ ላይ ቢሰበር ደግሞ ኢንሹራንሱ የሚክሰው በተጻፈው ዋጋ ነው።

ለማን የቱ ይሻላል

አንድ ማሽን ብቻ ለሚፈልግና ለቫት ላልተመዘገበ ገዢ፣ አገር ውስጥ ያለው ዋጋ ከአየር ካርጎው እስከ 5 በመቶ ድረስ ቢበልጥ እንኳ ከአገር ውስጥ እንዲገዛ እመክራለሁ። በምሳሌያችን ልዩነቱ 15,000 ብር ገደማ ነው፤ አንድ የተሳሳተ ሰነድ ይበላዋል። የተፈለገው ሞዴል አገር ውስጥ ከሌለ ወይም አስመጪው 850,000 ብርና ከዚያ በላይ ከጠየቀ አየር ካርጎ የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ለቫት ለተመዘገበ ካፌ ደግሞ በአንድ ማሽን ባሕርን ማሰብ ትርጉም የለውም።

ባሕር የሚያዋጣው ቋሚ ወጪው ሲከፋፈል ነው። አምስት ሣጥን 2.33 ሜትር ኩብ ይሆናል። ጭነቱ በጠቅላላው 400 ዶላር፣ የአገር ውስጥ ወጪው 150,000 ብር ቢሆን አንዱ ማሽን በደጅ ወደ 638,000 ብር ያወጣል። አምስቱን በአየር ካርጎ ማምጣት፣ በቻይና በኩል ያለው የሰነድና የአያያዝ ክፍያ ለአምስቱ ተከፋፍሎ የአገር ውስጥ ወጪው ለአንዱ ወደ 20,000 ብር ቢወርድም እንኳ፣ ለአንዱ ወደ 716,000 ብር ነው። ለአንድ ማሽን የ78,000 ብር ልዩነት የሦስት ወር ጥበቃንም የ10 በመቶ የምንዛሪ ለውጥንም ይችላል። ቅርንጫፍ የሚከፍቱ ካፌዎች ወይም ሁለት ሦስት ባለቤቶች ተነጋግረው በአንድ የንግድ ፈቃድ ሥር የሚያዝዙ ከሆነ መንገዱ ይህ ነው። ሲስማሙ ግን ኢንቮይሱ በአንዱ ስም ስለሚመጣ፣ ቫቱን የሚያቀናንሰው እሱ መሆኑንና ለሌሎቹ ማሽኑን በደረሰኝ እንደሚያስተላልፍላቸው አስቀድመው በጽሑፍ ይያዙ።